ለቀድሞ ወዳጅ የሚጻፍ የመጨረሻ መልእክት

አንባቢዬ ሆይ፤ ፍቅር ካለቀ በኋላ የሚጻፈው መልእክት ፍቅር ሲጀመር ከሚጻፈው ይልቅ ይከብዳል። አንዲት ክፉ ቃል ብትገባበት ጠብ ይሆናል፤ አንዲት ለስላሳ ቃል ብትተርፍበት ደግሞ ተስፋ ይሆናል።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለች እንበል። ከወዳጅዋ ከተለየች አምስት ወር ሆኗታል። እርሱ ግን ሌሊት ሌሊት «ተኝተሻል ወይ?» እያለ በስልክ ይጽፍላታል። ዘጠኙን ጊዜ ዝም ብላ በዐሥረኛው ብትመልስለት፣ እርሱ የሚማረው ዐሥር ጊዜ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁርጡን መንገር ይሻላታል።

በመጀመሪያ እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «ለጊዜው ሥራ ስለ በዛብኝ ባትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።» ቃሉ ትሕትና አለው፤ ነገር ግን «ለጊዜው» የተባለው ጊዜ ያልፋል፤ ሥራውም አንድ ቀን ይቀላል። ያን ቀን ተመልሶ ቢመጣ ማን ይፈርድበታል?

ይህን ደምስሳ ሁለተኛ ጻፈች፤ «አንተ ዱሮም ሰው አታከብርም፤ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ!» ይኸኛውም ነገሩን አይቆርጠውም። ክስ መልስ ይጠራልና፣ እርሱ ንጹሕነቱን ለማስረዳት ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ያድራል።

ሦስተኛው ይኸው፤ «ጤና ይስጥልኝ። በመካከላችን የነበረው አልቋል፤ ሐሳቤንም አልለውጥም። ከእንግዲህ ለመልእክትም ሆነ ለስልክ መልስ አልሰጥም። ደኅና ሁን።»

እስቲ ቃሎቹን እንመርምር። «እንደምን ሰነበትህ» አላለችም፤ ይህ ሰላምታ ጥያቄ ስለ ሆነ መልስ ይጋብዛል። «አንተ» ማለቱንም አልተወችም፤ በድንገት «እርስዎ» ብትለው ኩርፊያ ወይም ሽሙጥ ይመስል ነበር። «አልለውጥም»፣ «አልሰጥም» የሚሉት ግሦች የራስዋን ሥራ የሚናገሩ ናቸው። የእርሱን እጅ ልታዝዝ አትችልም፤ የራስዋን ግን ትችላለች። ምክንያትም አልዘረዘረችም፤ ምክንያት የተሰጠው ሰው ምክንያቱን አስወግዶ ለመመለስ ይሞክራልና።

ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት የጋራ ጓደኛ ለዕርቅ ይልክባት ይሆናል። ለጓደኛው አዲስ ነገር ሳትጨምር ያንኑ ቃል ትድገምለት፤ ለአማላጅ የተነገረ ትርፍ ቃል ተለውጦ ይደርሳል። ለዘመን መለወጫ «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ቢጽፍም ዝም ትበል። በዓል ነው ብላ ከመለሰች፣ መልስ አልሰጥም ያለችውን በገዛ እጅዋ አፈረሰችው።

ነገር ግን ቢዝትባት ወይም በር ላይ እየጠበቀ ቢያስፈራራት፣ ጉዳዩ ከመልእክት አልፏል። ያን ጊዜ የጻፈላትን ሁሉ ሳትደመስስ ትያዝ፤ ለቤተ ሰብዋና ለፖሊስም ታስታውቅ።