ካውንተር ላይ ያደረችው ዶሮ

ዛሬ የማወራችሁ በራሴ ኩሽና ስለተሠራ ስህተት ነው። ስህተተኛዋም እኔው ነኝ።

አንድ ዓርብ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ። እሑድ እንግዶች ስለሚመጡ ቅዳሜ ዶሮ ወጥ መሥራት ነበረብኝ። ከማታው 4 ሰዓት ላይ 2 ኪሎ የምትሆን ዶሮ ከፍሪዘር አወጣሁና በረዶዋ እንዲለቅ ካውንተር ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ሁልጊዜም የማደርገው እንደዚያ ነበር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጄ ኩሽና ገባች። ልጄ ምግብ ቤት ትሠራለች። ሥራ ስትጀምር ስለ ምግብ አያያዝ ትምህርት ወስዳለች።

“እማዬ፣ ይቺ ዶሮ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?” አለችኝ።

“ከማታ ጀምሮ። ምን ሆነች? ንኪያት እስቲ፣ ሆዷ ውስጥ ገና በረዶ አለ” አልኳት።

ልጄ መልስ አልሰጠችኝም። ከቦርሳዋ የምግብ ቴርሞሜትር አወጣች። መጀመሪያ ክንፏ ሥር ወጋችው፤ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለ። ቀጥላ ደረቷን ከቆዳው ሥር ለካችው፤ 12 ዲግሪ። በመጨረሻ ወደ ውስጥ፣ አጥንቱ ድረስ አስገባችው፤ ዜሮ ዲግሪ። እኔ የነካሁት ውስጧን ነበር። ውስጧ እውነትም በረዶ ነው። ውጪዋ ግን በረዶ ከለቀቀው ብዙ ሰዓት ሆኖታል።

ካውንተር ላይ ሥጋ ማሳደር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በረዶ የሚለቀው ከውጪ ወደ ውስጥ ነው። ውስጡ እስኪለቅ በምንጠብቅበት ጊዜ ሁሉ ውጪው በሞቀ ቤት ውስጥ ይቆያል። ባክቴሪያ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ውጪው ላይ ነው። ፍሪዘር ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል፤ ነቅቶም ይራባል።

ባክቴሪያ ደኅና አድርጎ የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። በፋራናይት ከ40 እስከ 140 ማለት ነው። በጣም ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በቤት ሙቀት ከዚያ ይዘገያል፤ ሌሊት ግን ረጅም ነው። በየሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብለን እንኳ ብናስብ፣ አንዱ ባክቴሪያ በ6 ሰዓት ውስጥ 64 ይሆናል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ ከሱቅ ቤት እስክትደርሱ ያለውም ጊዜ ይቆጠራል።

እኔም እንደማንኛዋም እናት ተከራከርኩ። “ዶሮ ወጥ እኮ ነው! ከሰዓት በላይ ይፈላል። የትኛው ባክቴሪያ ነው ከዚያ የሚተርፈው?” አልኳት።

ልጄም እንዲህ አለችኝ፦ “እማዬ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሳልሞኔላ በደንብ ሲፈላ ይሞታል። ግን አንዳንድ ባክቴሪያ ሲራባ መርዝ ይተዋል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው መርዙ ቢፈላም አይጠፋም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ወጡ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ ይህን ውኃ ተመልከቺ።” ከዶሮዋ የወጣው ቀይ ውኃ ካውንተሩ ላይ ፈስሶ ሰላጣ የምከትፍበት እንጨት ሥር ገብቶ ነበር። ሰላጣው አይፈላም።

ዶሮዋን አሸተትኳት። ምንም ሽታ የላትም። ይህም ያታልላል። ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሽታም መልክም አይለውጥም። ሎሚና ጨውስ? እናቶቻችን ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥባሉ። ሎሚው ሽታውን ያጠፋል፤ ባክቴሪያውን ግን አይጨርስም፣ መርዙንም አያወጣም። የምታጥቡ ከሆነም በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። በቧንቧ ሥር ከታጠበ ውኃው እየተረጨ ባክቴሪያውን ዙሪያውን ይበትነዋል።

ምግብ መጣል ለእኛ ከባድ ነው። ሆኖም ዶሮዋን ጣልኳት።

ቆይቼ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። እናቴ ሥጋ ካውንተር ላይ አሳድራ አታውቅም። ቤታችን ፍሪዘር አልነበረም። ዶሮ የሚገዛው ከነሕይወቱ ነው፤ በታረደበት ቀን ይበለታል፣ በዚያው ቀን ይሠራል። ስለዚህ በረዶ የማስለቀቅን ነገር ከእናቴ አልተማርኩም። እኔው ራሴ ውጭ አገር መጥቼ በግምት የጀመርኩት ልማድ ነው።

እንግዲህ እንግዶቹ አልቀሩም። ጠዋት ሱቅ ሄድኩ። ያገኘሁት ግን የበረደ ዶሮ ብቻ ነበር፤ እሱም 2 ኪሎ። ልጄ “ግድ የለም፣ በቀዝቃዛ ውኃ እናደርሰዋለን” አለች። እንዲህ አደረግን።

ዶሮዋን ከነማሸጊያዋ ውኃ በማያስገባ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አስገባናትና ጥብቅ አድርገን ዘጋነው። ላስቲኩ ክፍት ከሆነ ውኃ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያውም ወደ ሲንኩ ይወጣል። ቀጥለን ትልቅ ድስት ውስጥ ጨመርናትና ሙሉ በሙሉ እስክትሸፈን ድረስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሞላንባት። ወደ ላይ እንዳትንሳፈፍም ሳህን ጫንባት። ይህ የሆነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር።

ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ እንዴት በረዶ ያስለቅቃል? ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን በጣም በፍጥነት ያስተላልፋል። ስለዚህ በረዶው ቶሎ ይለቃል፣ ውጪው ግን አይሞቅም። ሙቅ ውኃ ብንጠቀም ውጪው ወዲያው ይሞቃል፤ ከካውንተሩም ሊብስ ይችላል። ውኃውን በየ30 ደቂቃው መቀየር ያስፈልጋል። ካልተቀየረ በዶሮዋ በረዶ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል፤ ብዙ ከቆየ ደግሞ ቀስ በቀስ የቤቱን ሙቀት ይይዛል። ልጄ ስልኳ ላይ ደወል ሞላችና አራት ጊዜ ቀየርነው።

በዚህ መካከል እኔ ሽንኩርቱን ከትፌ ቁሌቱን ጀመርኩ። ቁሌት ማለት ሽንኩርቱና በርበሬው አብረው ቀስ ብለው የሚበስሉበት የወጡ መሠረት ነው። ቁሌት ጊዜ ይፈልጋል፤ ዶሮዋም ጊዜ ትፈልጋለች። 6 ሰዓት ተኩል ላይ እግሮቿ እንደ ልብ ተንቀሳቀሱ፤ ሆዷ ውስጥም እጄን ሳስገባ በረዶ አልነበረም። ወዲያው 12 ብልት አወጣኋትና አጠብኳት፤ ቁሌቱም ዝግጁ ነበርና ጨመርኳት። በውኃ በረዶው የለቀቀ ሥጋ ወዲያው መብሰል አለበት። ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ ሙቀቱ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 165 ፋራናይት ሲደርስ ዶሮ በስሏል።

ቀዝቃዛ ውኃ የቸኮለ ሰው መንገድ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን ከሁሉም የሚሻለው ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ውጪውም ውስጡም በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። ችግሩ ቀስ ማለቱ ነው። 2 ኪሎ ሥጋ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል፤ ሙሉ ዶሮ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለቅዳሜ የሚሠራ ዶሮ ሐሙስ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይዘዋወራል። ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ አድርጉና ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ያን ጊዜ የሚንጠባጠበው ውኃ ሌላ ምግብ ላይ አይወርድም።

ፍሪጅ ሌላም ጥቅም አለው። በረዶው ከለቀቀ በኋላ ዶሮና የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቆያል፤ የበሬና የበግ ሥጋ ሳይፈጭ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። እንግዳው ቢቀር ሳይበስል ወደ ፍሪዘር መመለስም ይቻላል። በውኃ ወይም በማይክሮዌቭ በረዶው የለቀቀ ሥጋ ግን ሳይበስል ወደ ፍሪዘር አይመለስም።

ማይክሮዌቭ ለሙሉ ዶሮ አይመችም። ክንፉ ሲበስል ደረቱ ገና በረዶ ይሆናል። ለምሳሌ ለምንቸት አብሽ የሚሆን ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ከሆነ ግን ይመቻል። ሥጋውን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ለማይክሮዌቭ በሚሆን ሳህን ላይ አድርጉት። DEFROST የሚለውን ተጫኑና ክብደቱን አስገቡ። በመካከል አቁሙና በረዶው የለቀቀውን ከላይ እያነሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ የቀረውን ገልብጣችሁ ቀጥሉ። አንዳንዱ ቦታ ስለሚሞቅ፣ እንደጨረሳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ድስት ውስጥ ጨምሩት።

ክትፎ የምትወዱ ደግሞ ይህን አስቡ። ጥሬ ወይም ለብ ለብ ብቻ ያለ ሥጋ ሲበላ፣ ባክቴሪያውን የሚገድል እሳት የለም። ፍሪዘርም እንደማይገድለው ተነጋግረናል። ስለዚህ ለክትፎ የሚሆን የበረደ ሥጋ በፍሪጅ ብቻ ነው በረዶው መልቀቅ ያለበት። ያም ሆኖ አደጋው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን በደንብ የበሰለ ይሻላል።

አሁን ዶሮ ስገዛ ወደ ፍሪዘር ከመክተቴ በፊት ብልት አወጣለሁ። 12ቱን ብልት በላስቲክ ውስጥ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብ ዘርግቼ አቀዘቅዘዋለሁ። ስስ ስለሆነ ከሙሉ ዶሮ በጣም ቀድሞ በረዶው ይለቃል። ላስቲኩ ላይ ቀኑን እጽፍበታለሁ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ፤ ወጡም ጣፋጭ ሆነ። ልጄ እንጀራ እያቀረበች በጆሮዬ “ቀጣዩን ዶሮ ሐሙስ ማታ እኔ አወጣዋለሁ” አለችኝ። እሺ አልኳት።