ለአልባሳት ላኪ የትኛው ውጫዊ ተጽዕኖ ይቀድማል?

ፖለቲካን፣ ኢኮኖሚን፣ ማኅበረሰብን፣ ቴክኖሎጂን፣ አካባቢንና ሕግን የሚዳስሰው የ«ፔስትል» ቅኝት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስድስቱም ክፍሎች በእኩል በመሞላታቸው ነው። ክብደት ሊሰጠው የሚገባው በአንድ ትዕዛዝ ዋጋ፣ ወጪ ወይም የማስረከቢያ ቀን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሊሰላ የሚችል ጉዳይ ነው።

በሐዋሳ ቲሸርት እየሰፋ አንዱን በ3 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርብ ላኪ ለአብነት ሊወሰድ ይችላል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት በመውጣቷ፣ መደበኛው ቀረጥ ብቻ በጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ ማለትም 50 ሳንቲም ያህል ይጨምራል። ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ 32 በመቶ ነው። የስፌት ደመወዙ በአንድ ልብስ 30 ሳንቲም ቢሆን፣ ደመወዝ ጨርሶ ባይከፈል እንኳ ልዩነቱ አይካካስም። ስለዚህ አንደኛው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰነው የውጭ ምንዛሬ ነው። ጥቅሙ ግን ከሚታሰበው ያንሳል፤ ከ3 ዶላሩ 1.80 ለውጭ ጨርቅና መለዋወጫ የሚወጣ ከሆነ፣ የብር መዳከም የሚያቀለው በብር የሚከፈለውን ቀሪ ወጪ ብቻ ነው። እሱም ደመወዝና ትራንስፖርት ሲንር ይሸረሸራል።

የቀይ ባሕር መስተጓጎል ሦስተኛ ነው። የጨርቁ ዋጋ አስቀድሞ በውል ከተቆረጠ፣ የጥጥ ዕለታዊ ዋጋ ለዚህ ትዕዛዝ ወሬ ብቻ ነው።

ገዥው አውሮፓዊ ቢሆን ደረጃው ይገለበጣል። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳጊ አገሮች በሰጠው ዕድል፣ ጨርቁ ከውጭ ቢመጣም በኢትዮጵያ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ያኔ ምንዛሬውና የባሕር መንገዱ ይቀድማሉ።