የአክስቴ ዕድሜ ስንት ነው?

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ከሚልኳቸው ነገሮች መካከል በቅርቡ አንድ አዲስ ዕቃ ተጨምሯል። ምራቅ የሚተፋባት ትንሽ ብልቃጥ ናት። ምራቁ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ከሳምንታት በኋላ «የሰውነትዎ ዕድሜ ይህን ያህል ነው» የሚል ውጤት ይመጣል። ብዙ አንባቢዎች «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ሁለት ዕድሜዎችን ለይተን እንጀምር። የልደት ዕድሜ ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ያለፉት ዓመታት ቁጥር ነው። የሰውነት ዕድሜ ደግሞ ሰውነታችን ምን ያህል እንደደከመ ለመግለጽ የተፈጠረ አነጋገር ነው። ሁለት የ70 ዓመት ሰዎች ቢኖሩ አንዱ ዳገት ይወጣል፣ ሌላው ከወንበር ለመነሳት ድጋፍ ይፈልጋል። ምርመራው ይህን ልዩነት በቁጥር እነግራችኋለሁ ይላል።

እንዴት? በሴሎቻችን ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለጠፋሉ። ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንዱ ቦታ ይበዛሉ፣ በሌላው ይቀንሳሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያሉ 353 ቦታዎችን መርጦ ከእነሱ ዕድሜ የሚገምት ስሌት አወጣ። ግምቱ ከእውነተኛው የልደት ዕድሜ የሚርቀው በመካከለኛ ስሌት 3.6 ዓመት ነበር። ይህ ማለት ከተመረመሩት ግማሾቹ ከዚያ ባነሰ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚያ በበለጠ ስተዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ስሌት የተሠራው የልደት ዕድሜን እንዲገምት ነው። ፍጹም ቢሆን ኖሮ የሚነግረን የተወለድንበትን ዓመት ብቻ ነበር። ስለ ጤና ይናገራል የሚባለው ከልደት ዕድሜ ጋር ባለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለማግኘት የልደት ዕድሜ በትክክል መታወቅ አለበት። የኛ ችግር የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

አክስቴ የበየዳ ሰው ናቸው፤ ያደጉት ከድል ይብዛ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። እሳቸው ሲወለዱ ልደት የሚጽፍ መዝገብ አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የተወለዱበት ዕለት በማርያም ቀን መሆኑ በቤተሰቡ ይታወቃል፤ ዓመቱን ግን የሚነግረን ወሬ ብቻ ነው። አያቴ «ጣሊያን በወጣ በ12ኛው ዓመት» ይሉ ነበር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ስለሆነ 1945 ዓ.ም. ይሆናል። ሌላ ማመሳከሪያም አለን፤ ንጉሡ በ1967 መስከረም ሲወርዱ አክስቴ የበኩር ልጃቸውን ያጠቡ ነበር። በ22 ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ይገጥማል። ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ቢችልም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ግን ወረቀታቸው ላይ «1945» የሚለው ቁጥር ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ ዓመት ተጻፈ። ወሩና ቀኑ ስላልታወቀ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተባለ። የኛ 1945 በፈረንጆቹ ከ1952 መስከረም እስከ 1953 መስከረም ያለው ጊዜ ነው። አክስቴ በአንድ ፊርማ ስምንት ዓመት ገደማ አረጁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ጸደይ ልጃቸው ምርመራውን አዘዘላቸው። ቅጹ ላይ የሞላው የወረቀቱን ልደት ስለሆነ የልደት ዕድሜያቸው 79 ሆነ። ውጤቱ 72 ብሎ መጣ። «ከዕድሜዎ በ7 ዓመት ወጣት ነዎት» ይላል። ቤተሰቡ በሙሉ ተደሰተ፤ የሰሜን ተራራ አየርና የገብስ ቆሎ ነው ተባለ።

እውነተኛው የልደት ዕድሜያቸው ግን ያን ጊዜ 70 ወይም 71 ነበር። ምርመራው 72 አለ። ስለዚህ ያ ሁሉ የሰባት ዓመት ወጣትነት የመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው እንጂ ከሰውነታቸው አይደለም። እውነተኛው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ ይህ ደግሞ ስሌቱ ከሚስተው መጠን በታች ስለሆነ ምንም አይነግረንም።

ዲ ኤን ኤ የማይነካ፣ በተለመደ የደም ምርመራ የሚሰላ ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ስሌት አልቡሚንን፣ የደም ስኳርን፣ ኩላሊትን የሚያሳየውን ክሬያቲኒን፣ የነጭ ደም ሴል ብዛትን ጨምሮ ዘጠኝ ውጤቶችን ይወስዳል። አሥረኛው ግብአት ራሱ የልደት ዕድሜ ነው። ቅጹ ላይ ስምንት ዓመት ተሳስቶ ከተጨመረ ውጤቱም ወደ ሰባት ዓመት ያህል ያረጃል። ከዘጠኙ አንዱ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ ነው። በታመሙ ሰሞን ደም የሰጡ እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ «አርጅተው» ሊገኙ፣ ሲድኑ ደግሞ «ወጣት» ሊሆኑ ይችላሉ።

የዲ ኤን ኤውም ምርመራ የራሱ ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አንድን የደም ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለኩት በአንዳንዶቹ ስሌቶች እስከ 9 ዓመት የሚደርስ ልዩነት እንደሚገኝ አሳይቷል። ሰውዬው አንድ፣ ደሙም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ወይም እንክብል ከወሰዱ በኋላ «ሦስት ዓመት ወጣሁ» የሚል ሰው ስታገኙ፣ ልዩነቱ ከመለኪያው ስህተት ይበልጥ እንደሆነ ጠይቁ። ተመራማሪዎች ብዙ ሺህ ሰዎችን አንድ ላይ ሲመለከቱ ስህተቱ ስለሚቻቻል ዘዴው ይጠቅማቸዋል። ለአንዲት አያት ግን ያው ቁጥር ደካማ ምስክር ነው።

ሌላው ጥያቄ መለኪያው የማንን ሰውነት አይቶ እንደተሠራ ነው። የዘጠኙ የደም ውጤቶች ስሌት የተቀመረው ከአሜሪካ ነዋሪዎች መረጃ ነው። የደጋ ሰው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ሄሞግሎቢናቸው በቆላ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አገኙት። በደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ከፍታው አንድ ሆኖ የደሙ ጠባይ ከተለያየ፣ አንድ ቦታ የተቀመረ መለኪያ ለበየዳ ሰው እኩል ይሠራል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ለወላጆቻችሁ ሰውነት ጥንካሬ የሚጠቅም ቀላል መለኪያ ከፈለጋችሁ ሜዳ ላይ 4 ሜትር ለኩና እንደ ልማዳቸው እንዲራመዱ አድርጉ። ጅምሩ እንዳያዘገያቸው ጥቂት ቀደም ብለው ይነሱ። 4 ሜትሩን ለመጨረስ ከ5 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው፤ ጉልበት፣ ልብ፣ ዓይን ወይም የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ይህ የልደት ዓመትን አይጠይቅም። በየስድስት ወሩ ደግሞ ከራሳቸው ካለፈው ውጤት ጋር ይነጻጸራል።

ምርመራውን እናዝዛለን ካላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የልደቱን ዓመት አጣሩ። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 በኛ ዓመት ላይ ደምሩ። የአክስቴን ወረቀት ግን ማስተካከሉ አልተቻለም። እስካሁን በአሜሪካ በስምንት ዓመት ትልቅ ናቸው።