ጨርቁ ይመስክር

የገንዳ ውሃ፣ የኮኪትና የመተማ ዮሐንስ እናቶችና እህቶች፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የሳሉግ ልብስ አጥባችሁ የምታድሩ ሁሉ! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

እኛ ዘንድ ዱቄት ሳሙና ሁሉ «ኦሞ» ነው። አሪኤልም ሆነ ሮል፣ ዓረብኛ የተጻፈበትም ቢሆን ልጁን «ኦሞ ግዛ» ብለን እንልከዋለን፤ እሱም የረከሰውን ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሳፋው ላይ ነው። ላብ፣ ደምና ወተት የያዘውን እድፍ እየቆራረጠ የሚያላቅቀው ኢንዛይም የሚባለው ነገር ነው። ያለበት ዱቄት አለ፣ የሌለበትም አለ። የአንድ ምርት ቅመም እንኳ እንደተሠራበት አገር ሊለያይ ስለሚችል ስሙን አምነን አንግዛ፤ ከጀርባው «ኢንዛይም» የሚለው ቃል መኖሩን ማንበብ በሚችል ልጅ እናረጋግጥ።

ከዚያ እንፈትን። በአንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ የሥጋ ደም አንጠባጥበን እናሳድረው። በማግስቱ እኩል አራት ቦታ እንቅደደው። ሦስቱን ኦሞ፣ አሪኤልና ሮል ለየብቻ በሟሙበት አንድ አንድ ሊትር ውሃ፣ አራተኛውን በባዶ ውሃ እንዘፍዝፍ። ለሦስቱ ዱቄቱ አንድ ልሙጥ ማንኪያ፣ ለአራቱም ጊዜው አንድ ሰዓት ይሁን፤ ማሸት የለም። ውሃው ፀሐይ ያሞቀው ለብ ያለ ይሁን። የእኛ ቆላ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የፈላ ውሃ ግን ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ በረኪናም እንዲሁ። ቡናማ ጥላ የቀረበት ጨርቅ ዱቄቱን ያጋልጠዋል።

ዋጋውን ደግሞ በአንድ ሳፋ እናስላው። ለምሳሌ 100 ግራሙ 20 ብር የሚሸጠው ዱቄት እድፉን ለማስለቀቅ ሁለት ጊዜ 50፣ 50 ግራም ከፈጀ፣ ሳፋው 20 ብር ወሰደ ማለት ነው። 100 ግራሙ 35 ብር የሆነው በ40 ግራም አንዴ ከጨረሰ 14 ብር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛው ዙር አንድ ጀሪካን ውሃና የክንድ ጉልበት ይበላል። ብዙ መታሸትም ልብስን ይጨርሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኢንዛይም ያለበት ዱቄት ሱፍና ሐር ይጎዳል፤ እነሱን ለብቻ በለስላሳ ሳሙና እጠቡ። እጃችሁንም ስትጨርሱ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁ።

ብቻችንን በየቀኑ ትንሿን ፓኬት ስንገዛ ባለሱቁ ያለውን እንከፍላለን። አሥር ሆነን ከእቁባችን ብር አውጥተን በጨርቁ የተመሰከረለትን በጆንያ ብንገዛ፣ የዋጋው ድርድር በእኛ እጅ ይሆናል። በየሰፈራችሁ አሥር አሥር ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ ሦስቱን ዱቄት፣ ዓርብ ማታ ደም ያንጠባጠባችሁበትን ነጭ ጨርቅና ሳፋችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ፈትኑ፤ እሁድ አብራችሁ ግዙ!