ማድ ቤት በካሬ ሜትር ብቻ አይገዛም

በአዲስ አበባ የአፓርትመንት ገበያ ሻጭ የሚያስተዋውቀው ካሬ ሜትር ነው፤ ገዢም የሚከራከረው በካሬ ሜትር ዋጋ ነው። ደላላውም በመሐል ሆኖ ይህንኑ ቁጥር ያመላልሳል። ይሁን እንጂ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማድ ቤቶች አንዱ ሲያሠራ ሌላው ሰው የማያላውስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነው። ገዢው ግን ለሁለቱም የሚከፍለው እኩል ነው።

ለማድ ቤት አቀማመጥ የታወቀ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የአነስተኛ ቤቶች ምክር ቤት ያስፋፋው ሲሆን፣ «የሥራ ሦስት ማዕዘን» ይባላል። ምግብ የሚያበስል ሰው በአብዛኛው የሚመላለሰው በፍሪጅ፣ በዕቃ ማጠቢያና በምድጃ መካከል ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኘው መስመር እያንዳንዱ ጎኑ ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር፣ ድምሩ ደግሞ ከ4 እስከ 7.9 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ የመሥሪያ ቦታ ይጠፋል፤ ከበለጠ ድካም ነው። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው መለኪያ የመንቀሳቀሻ ክፍተት ነው። አንድ ሰው ለሚሠራበት ቦታ 107 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ሰዎች ለሚሠሩበት 122፣ ለመተላለፊያ ብቻ ለሚያገለግል ደግሞ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈለጋል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 3.2 ሜትር የሆነ፣ በአንዱ ጠባብ ግድግዳ በር፣ በሌላው መስኮት ያለው 6.4 ካሬ ሜትር ማድ ቤት እንውሰድ። ሻጩ ካቢኔት በግራም በቀኝም ደርድሮ «ሙሉ ማድ ቤት» ይለዋል። ካቢኔት በተለምዶ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስለሚወጣ፣ ከሁለት ሜትሩ ላይ 1.2 ሜትር ሲነሳ የሚቀረው 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጀርባው የአየር ክፍተት የሚፈልገው ፍሪጅ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚይዝ በእርሱ ፊት 70 ብቻ ይቀራል። የምድጃው ኦቨን ሲከፈት ክዳኑ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ስለሚወርድ ከፊቱ መቆሚያ አይገኝም። ካቢኔቱ በዛ፤ ሠራተኛው ግን ቦታ አጣ።

ያው ክፍል በሌላ አቀማመጥ ይታይ። በግራ ባለው ረጅም ግድግዳ ከበሩ ጀምሮ ፍሪጅ 70፣ የመሥሪያ ጠረጴዛ 60፣ ምድጃ 60፣ እንደገና ጠረጴዛ 70 ሴንቲ ሜትር ይቀመጣል፤ የቀረው 60 ማዕዘኑ ነው። ካቢኔቱ ከዚያ ታጥፎ በመስኮቱ ሥር ይቀጥላል፤ ዕቃ ማጠቢያውም እዚያው ይሆናል። የቀኙ ግድግዳ ባዶ ይተዋል። ከፍሪጅ እስከ ምድጃ 1.25፣ ከምድጃ እስከ ማጠቢያ 1.2፣ ከማጠቢያ እስከ ፍሪጅ 2.3 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ድምሩ 4.75 ነው። ከምድጃው ፊት 140፣ ከፍሪጁ ፊት 130 ሴንቲ ሜትር ወለል ይገኛል። የካቢኔቱ ርዝመት ከ6.4 ወደ 4.6 ሜትር ቢወርድም ሁለት ሰዎች ሳይገፋፉ ይሠራሉ። ምድጃው ከመስኮቱ መራቁም ነፋስ እሳቱን እንዳያጠፋ ይረዳል።

መለኪያው የማይሸፍነው ነገርም አለ። የአሜሪካው ስሌት እንጀራን አያውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነመቆሚያው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። በባዶው ግድግዳ በኩል ቢቀመጥ መተላለፊያው ወደ 70 ስለሚጠብ፣ በሚጋገርበት ሰዓት ሌላ ሰው ማለፍ ይቸግረዋል። ኃይሉም ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሆነ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቦታው በረንዳ ወይም ሌላ ክፍል መሆኑ ከውል በፊት ሊታወቅ ይገባል።

ሌላው ጉዳይ የማድ ቤት በር ነው። ወደ በረንዳ የሚያወጣው በር ከመግቢያው ትይዩ ሆኖ መንገዱ በምድጃና በማጠቢያ መካከል ካለፈ፣ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ሁሉ የፈላ ድስት በያዘ ሰው ፊት ያልፋል። ይህን ከፕላን ላይ በእርሳስ መስመር ስቦ ማወቅ ይቻላል።

ፕላን ላይ የሚታየው ልክ ደግሞ ሁልጊዜ የተጠናቀቀው ቤት ልክ አይደለም። ልስንና ሴራሚክ ከየግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ፤ 80 የተባለው ክፍተት 75 ሊሆን ይችላል። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ ሳይቀበር ማጠቢያን ማዛወር የእርሳስ ሥራ ነው፤ ከተቀበረ በኋላ ግን ሴራሚክ መስበር ነው። ስለዚህ ገዢ ክርክሩን ከዋጋ በፊት ከማድ ቤቱ ፕላን ቢጀምር ይጠቀማል። ሜትር ይዞ የሚመጣ ደላላም ከሚያወራው ይልቅ ይታመናል።