«እራት ቀርቧል» ሲባል የማይሰማው ልጅ

አንዲት አያት በቅርቡ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «የልጅ ልጄ አንዱን ጌም ሲጫወት ስጠራው ‹አቤት እማማ› ይለኛል። ሌላውን ሲጫወት ግን ብጮህም አይሰማኝም። ስልኩ ያው፣ ልጁም ያው። ምን ሆኖ ነው?»

ልጁ ባለጌ አልሆነም። ሁለቱ ጨዋታዎች ከአእምሮው የሚጠይቁት የተለያየ ነው። አንደኛው እንደ ገበጣና ዳማ በተራ የሚካሄድ ፍልሚያ ሲሆን፣ ሌላኛው እንደ እግር ኳስ ሰዓቱ የማይቆም ነው።

በተራ ለሚካሄደው ፖኬሞንን እንውሰድ። ተጫዋቹ እስከ ስድስት ፍጡራን ይይዛል፤ እያንዳንዳቸው አራት ዓይነት ምት አላቸው። የልጅዎ ቻርማንደር የእሳት ወገን ነው እንበል፤ ከፊቱ የውኃ ወገን የሆነው ስኩርትል ቆሟል። የውኃ ምት እሳትን በእጥፍ ይጎዳል፤ የእሳት ምት ግን በውኃ ላይ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁ ቻርማንደርን አስወጥቶ የሣር ወገን የሆነውን ባልባሶርን ሊያስገባ ያስባል፤ እሱ የውኃን ምት በግማሽ ይቋቋማል። ነገር ግን መቀየር አንድ ተራ ያስከፍላል፤ የሚገባውም ገና እግሩ ሲረግጥ ይመታል። ተቃራኒው ቅያሬውን ገምቶ በውኃ ምት ፋንታ ሣርን በእጥፍ የሚጎዳ የበረዶ ምት ቢመርጥስ?

ይህን ሁሉ ሲያሰላ ጨዋታው ይጠብቀዋል። እራት በልቶ ቢመለስ ስኩርትል እዚያው ቆሞ ያገኘዋል። ስለዚህ ዓይኑን ማንሳት አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሳያስብ መምረጥ ነው። በዚህ ጨዋታ የሚሸነፍ ልጅ ብዙ ጊዜ ያለው ችግር አንድ ነው፤ የተቃራኒውን ወገን ሳያይ ሁልጊዜ ያንኑ የሚወደውን ምት ይነካል። ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት ሲጋጠም ግን ለምርጫው የጊዜ ገደብ ስላለ ያን ያህል ነፃነት የለውም።

አሁን ወደ ክላሽ ሮያል እንሂድ። በዚህ ጨዋታ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጋጠማሉ። ግጥሚያው ሦስት ደቂቃ ነው፤ እኩል ከሆኑ ጭማሪ አለ። ተጫዋቹ ስምንት ካርዶች ይዞ ይገባል፤ በእጁ የሚታዩት አራት ብቻ ናቸው። ካርድ ለማውጣት ኤሊክሲር የሚባል ነገር ይከፈላል። እሱም በየ2.8 ሰከንዱ አንድ እየጨመረ እስከ 10 ይሞላል።

ከእህቴ ልጅ ጎን ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለቱም 10 ሲሞላላቸው ተቃራኒው አምስት ከፍሎ ግዙፉን አወጣ። ግዙፉ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ወታደሮችን አይመታም፣ የሚሄደው ወደ ግንብ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ወዲያው አልመለሰም። ግዙፉ ድልድዩን እስኪሻገር ጠብቆ ሚኒ ፔካ የሚባለውን ባለ ጎራዴ በአራት ኤሊክሲር ጣለበት። ግዙፉ መልሶ ስለማይመታ ግንቡ አጠገብ ወደቀ። ልጁ አራት ከፍሎ አምስት አስከሰረ፤ በዚያች በአንድ ትርፍ ወዲያው ወደ ማጥቃት ዞረ።

እቅድ እዚህም አለ። ልዩነቱ ልጁ እያቀደ ድልድዩን ማየት፣ የራሱን ኤሊክሲር መቁጠርና የተቃራኒውን መገመት አለበት። አምስት ሰከንድ ቀና ብሎ «አቤት» ቢል ግዙፉ ግንቡ ሥር ይደርሳል። በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ ኤሊክሲሩ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚሞላ ጥድፊያው ይብሳል። አያቱን ያልሰማው ለዚህ ነው።

ልጁ እያሰበ ነው ወይስ ዝም ብሎ እየነካካ? ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ሐምራዊ መስመር ይመልከቱ። ሁልጊዜ ባዶ ከሆነች ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል፤ ሲጠቃ መከላከያ ያጣል። ሞልታ ከቆየችም ያባክናል፤ ከ10 በላይ ስለማይጠራቀም አሥር ሰከንድ ቢዘገይ ከሦስት በላይ ኤሊክሲር ያመልጠዋል። ከፍ ዝቅ የምትል ከሆነች እያሰላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የቤት ደንብ ቀላል ነው። በተራ ለሚካሄደው ጨዋታ «አሁን ና» ማለት ይቻላል፤ ልጁ የሚያጣው ነገር የለም። ሰዓቱ ለማይቆመው ግን «ይህን ጨርስና ሌላ እንዳትጀምር» ይበሉት። ወጡ እስኪቀርብ ግጥሚያው ያልቃል። ያኔም «ሌላ አንድ ብቻ» ካለ፣ ያ የጨዋታው ጠባይ ሳይሆን የእሱ ነውና እዚያ ላይ ይቆጡ።