ሦስቱ አብረው ቢመጡስ?

አሜሪካ ውስጥ ከጡረታ ዕድሜ በፊት ከደመወዝ ጥገኝነት ለመውጣት የሚያቅዱ ሰዎች፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጭምር፣ አንድ የታወቀ ስሌት አላቸው። የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ፤ ያንን ያህል በአክሲዮንና በቦንድ ስታጠራቅም በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶውን አውጥተህ ትኖራለህ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ያህል ትጨምራለህ። የስሌቱ መነሻ የፋይናንስ አማካሪው ዊልያም ቤንገን በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የጠየቀው ግን ምን ነበር? አጠራቅሞ የጨረሰ ጡረተኛ ገንዘቡ 30 ዓመት ያዘልቀው እንደሆነ ነው። ገና በማጠራቀም ላይ ያለ የ40 ዓመት ሰው ሥራውን ቢያጣ ምን ይሆናል? ይህን የሚመልስ ጥናት አይደለም።

ብዙዎች ዕቅዳቸውን ይፈትናሉ፤ የሚፈትኑት ግን አንድ በአንድ ነው። ገበያው ቢወድቅ ደመወዜ አለ ይላሉ። ሥራ ባጣ አክሲዮኔ አለ ይላሉ። ዋጋ ቢንር ደመወዜም ይጨምራል ይላሉ። እያንዳንዱ መልስ የቀሩት ሁለቱ ደህና እንደሚሆኑ ታሳቢ ያደርጋል። ይህን ዋስትና ማን ሰጠን?

የአሜሪካን የ1970ዎቹ ታሪክ እናስታውስ። ከ1973 መጀመሪያ እስከ 1974 መኸር የአክሲዮን ገበያው ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። በ1974 መጨረሻ የዓመቱ የዋጋ ንረት 12 በመቶ አልፎ ነበር። በ1975 የሥራ አጥነቱ መጠን 9 በመቶ ደረሰ። ንረቱ ረገብ ካለ በኋላ ተመልሶ በ1980 ከ14 በመቶ በላይ ወጣ። መገጣጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነበር? ነዳጅ ሲወደድ የድርጅቶች ትርፍ ይቀንሳል፤ ንረቱን ለመግታት ወለድ ሲጨምር የአክሲዮን ዋጋ ይወርዳል፤ ትርፉ የቀነሰበት ድርጅት ደግሞ ሠራተኛ ያሰናብታል። ሦስቱ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው።

አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ። የዓመት ወጪው 60,000 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ግቡ 1.5 ሚሊዮን ነው። አሁን 700,000 አለው፤ ሁሉም በአክሲዮን። ገበያው በ40 በመቶ ወረደ፤ 420,000 ቀረ። በዚያው ሰሞን ደመወዙ ተቋረጠና፣ ወጪውን ቀንሶ፣ ለዓመቱ ኑሮ የ50,000 ዶላር አክሲዮን ሸጠ፤ 370,000 ቀረ። ገበያው ወደ ቀድሞ ዋጋው ቢመለስ እንኳ ይህ ቤተሰብ የሚያገኘው 617,000 ያህል ነው። የሸጠው 50,000 ከውድቀቱ በፊት ከ83,000 በላይ ያወጣ ነበርና። ከዚያ ዋጋ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 8 በመቶ ቢንርስ? የ60,000ው ኑሮ 75,600 ገደማ ይሆናል፤ ግቡም ወደ 1.89 ሚሊዮን ይሸሻል። ያለው ገንዘብ ሲቀንስ ግቡ በ390,000 ዶላር ራቀ። የነጻነቱን ዓመት በቀን መቁጠሪያ ላይ ያከበበው ሰው ይህን አስቦ ነበር?

ታዲያ 50,000ውን አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ቢይዝስ? የቀረው 650,000 ወርዶ 390,000 ይሆናል፤ እሱ ግን በወደቀ ዋጋ አይሸጥም፤ ገበያው ሲያገግም ወደ 650,000 ይመለሳል። የ33,000 ዶላር ልዩነት ነው። ነገር ግን ንረቱ ቀድሞ ቢመጣ፣ ያለ ወለድ የተቀመጠው 50,000 ከሦስት ዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ 40,000 እንኳ አይሞላም። ለአንዱ ጉዳት መከላከያ የሆነው ለሌላው ተጋላጭ ነው። ቋሚ ወለድ ያለው የቤት ብድርም እንዲሁ ነው፤ ዋጋ ሲንር ክፍያው ባለበት ስለሚቆይ ይጠቅማል፣ ደመወዝ ሲቋረጥ ግን አንድ ዶላር አይቀነስለትም። በየወሩ ለአገር ቤት ቤተሰብ የሚላከውስ? በችግር ጊዜ ሊቀነስ ከሚችለው ወጪ ውስጥ ብትጽፈውም፣ እውነት ልትቀንሰው ትችላለህ?

ስለዚህ ፈተናው መካሄድ ያለበት በጠቅላላ ድምሩ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ነው። እያንዳንዱን ወጪና እያንዳንዱን ሀብት ጽፈን፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ገበያ ሲወድቅና ዋጋ ሲንር ምን እንደሚሆን ሦስት ጊዜ እንጠይቅ። የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብስ ያለ ቅጣት ይወጣል? በአሜሪካ ሕግ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ሲወጣ፣ የተፈቀዱ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ከግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለው።

ማለፊያው ምንድን ነው? ገበያው በወደቀበት ዓመት አክሲዮን ሳይሸጥ ሊቀነስ የማይችለውን ወጪ መሸፈን ነው። ይህን የማያልፍ ዕቅድ ግቡን በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ማራዘም አለበት። እነዚያን ዓመታት ዛሬ በፈቃዳችን ብንጨምራቸው አይሻልም? ከሥራ በተሰናበትን ማግስት ስንጨምራቸው የሚያስከፍለን፣ በርካሽ የሸጥነውን አክሲዮን ጭምር ነው።